ደሴ ላይ የረጋ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቀለጠ

የምኖረው ደሴ ነው፣ እንጀራዬ ያለው ኮምቦልቻ። ጠዋት ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ በዚያው ጠመዝማዛ ተመልሼ እወጣለሁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሆኖም ከደሴ ሹራብ ደርቤ የተነሳሁት ሴት ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡን በእጄ አንጠልጥዬ ነው የምወርደው። አንድ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ የኮኮናት ዘይት ከትቼ ወጣሁ። ከቤት ስነሳ እንደ ሻማ ነጭና ድርቅ ያለ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ላወጣ እጄን ስሰድ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሁሉ ዘይት ጠጥቷል። ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣ ቀልጦ ፈሷል።

የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ አብዛኛውን ቀን ይረጋል፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ከረፋድ በኋላ ውሃ ይሆናል። የምሠራው መድኃኒት ቤት ስለሆነ፣ ከደሴ የመጡ ደንበኞች «እህቴ፣ ይሄ ተበላሽቷል፣ ረግቷል» እያሉ ሲመልሱልኝ ያንኑ ነገር ደጋግሜ አስረድቻለሁ። አልተበላሸም፤ በርዶት ነው። መዳፍሽ ላይ አድርገሽ አሸት አሸት አድርጊው፣ ይቀልጣል።

ይህን ሁሉ ለደንበኛ በደንብ የማስረዳ ሰው በራሴ ጭንቅላት ላይ የሠራሁትን ነው ዛሬ የምጽፈው። ሦስት ጠርሙሶች ናቸው፦ የጥብስ ቅጠል ዘይት፣ የጉሎ ዘይትና የኮኮናት ዘይት። ሦስቱንም እሸጣለሁ። ሦስቱንም ቀላቅዬ ተቀባሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስትሰሙ ትስቁብኛላችሁ፣ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ።

ልጄን የወለድኩት ሐምሌ ላይ ነው። ጥቅምት ሲገባ ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ። መርገፍ ስል ማበጠሪያ ላይ የሚቀር ጥቂት ፀጉር ማለቴ አይደለም። ስታጠብ በእፍኝ ይወጣ ነበር፣ ትራሴ ላይ፣ የልጄ ጣቶች መሐል፣ ወጥ ውስጥ ሳይቀር። ግንባሬ ዳርና ዳር ሳሳ። እማዬ አየችና «አይዞሽ፣ የአራስ ፀጉር ነው፣ ቅቤ ቀቢው» አለች። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ጉሎ ይዘውልኝ መጡ። ቲክቶኩ በበኩሉ ያለ ጥብስ ቅጠል ዘይት ሌላ ወሬ የለውም።

ያኔ ማስታወስ የነበረብኝ፣ ለሌሎች ግን በየቀኑ የምናገረው ነገር ይህ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ፀጉርን በእድገት ላይ ይዞት ይቆያል፣ በተለመደው ጊዜ መርገፍ የነበረበት እንኳ ሳይረግፍ ይቀራል። ለዚያ ነው እርጉዝ ሴት ፀጉሯ የሚሞላው። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ ያ ሁሉ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ ማረፊያው ይገባል፤ ማረፊያው ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ ይረግፋል። ሐምሌ የወለደች ሴት ጥቅምት ላይ ፀጉሯ መርገፉ ከሒሳቡ ውጭ አይደለም። የረገፈውን አንድ ፀጉር ብርሃን ላይ ብታዩት ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ጉብታ አለው፤ ተበጥሶ ሳይሆን ጊዜው ደርሶ ከነሥሩ የወጣ ነው። ሥሩ ያለበት ጉድጓድ ደህና ስለሆነ አዲስ ያበቅላል። ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አብዛኛዋ ሴት ወደ ቀድሞዋ ትመለሳለች። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ከመጀመሪያው ድካምና ማዞር ካለ፣ የብረት እጥረት ሊኖር ስለሚችል ደም መመርመር ነው።

እንግዲህ ዘይቱ ስም የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። በአራተኛው ወር ዘይት የጀመረች ሴት በዘጠነኛው ወር ግንባሯ ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉር ታያለች። ማን አበቀለው? ዘይቱ! ጥቅምት ላይ ቅቤ የተቀባች ቅቤውን ታመሰግናለች፣ ጉሎ የተቀባች ጉሎውን። ምንም ያልተቀባችው ግን ቪዲዮ አትሠራም።

ሒሳቡን ባውቀውም የእህቴ ሠርግ ጥር ላይ ስለነበር መጠበቅ አልቻልኩም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ዓርብ ማታ፣ ልጁን አስተኝቼ፣ ማዕድ ቤት ገባሁ። በሻይ ብርጭቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጉሎ ዘይት አደረግሁ፣ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ትንሽ የቀለጠ የኮኮናት ዘይት ጨመርኩ። ከዚያ ያቺን 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ጠቆር ያለች የጥብስ ቅጠል ዘይት ጠርሙስ ከፈትኩ። በጠብታ እንድትወርድ የሚያደርጋት የአፏ ላስቲክ ወልቆ ነበር፤ ሳዘነብላት ሲሶዋ ገባ። መጣል አላስቻለኝም፤ ጠርሙሷ ርካሽ አይደለችም። «ይበልጥ ይሠራል እንጂ ምን ያደርጋል» ብዬ አማሰልኩት። ፀጉሬ ሹሩባ ስለነበር በየመስመሩ ቆዳዬን ቀባሁ፣ አሸሁ፣ በፌስታል ጠቀለልኩ፣ ከላይ ሻሽ አሰርኩና ተኛሁ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ከመቶ አሥር እጅ የሚጠጋ ነው። ቆዳ ላይ ለሚቆይ ነገር የሚመከረው ከመቶ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፌስታሉ አለ። ቆዳ ሲታፈንና ሲሞቅ የተቀባውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሐኪሞች አንዳንድ ቅባት ቀብተው በፕላስቲክ የሚሸፍኑት ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሸፈንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጭንቅላቴ ይፋጅ ነበር። ታጠብኩ፤ ጉሎ ግን በአንድ መታጠብ የሚለቅ ዘይት አይደለም። እሑድ መፋጀቱ በማሳከክ ተተካ። ሰኞ ጠዋት ከጆሮዬ ጀርባ ረጠብ ረጠብ ያለ ነገር ነካሁ፣ ማጅራቴ ላይ ትናንሽ ቀያይ ሽፍታ ወጣ፣ የዓይኔ ቆብ አበጠ። ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። ያለቀስኩ መስሏቸው።

አሁን የምለየውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ፣ መዘዛቸውም አይመሳሰልም። አንደኛው ቃጠሎ ነው፤ ነገሩ ስለበረታ ቆዳው ይጎዳል። በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፣ ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላል፣ የተቀባበት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ማንም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። መጠኑን ስትቀንሱት አይመለስም። ሁለተኛው አለርጂ ነው። እሱ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይመጣል፣ በጣም ያሳክካል፣ ከተቀባበት ቦታም ይወጣል። የራስ ቅል ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ለጭንቅላት የተቀባ ነገር አለርጂው ብዙ ጊዜ የሚታየው ጭንቅላት ላይ ሳይሆን የዓይን ቆብ፣ ጆሮና ማጅራት ላይ ነው። አለርጂ ከሆነ መጠን መቀነስ አያድንም፤ በጥቂቱም ይነሳል፣ ዕድሜ ልክም ይከተላል። የእኔ የመጀመሪያው ሌሊት ቃጠሎ፣ የሰኞው የዓይን ቆብ ደግሞ አለርጂ ይመስል ነበር። የትኛው እንደሆነ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ደሴ ወደ አንዲት የቆዳ ሐኪም ሄድኩ። የምሠራበትን ስትሰማ ፈገግ አለች እንጂ አልተቆጣችኝም። ሹሩባውን አስፈታችኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ፦ «ቃጠሎው ያልፋል፤ ከሥሩ ግን ፎረፎር አለሽ፣ እሱን ስትመግቢው ነው የከረምሽው።»

ይህቺን ነገር በደንብ ላብራራት፣ ምክንያቱም ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ወዲያ ቆሞ «ጭንቅላቴ ደርቋል፣ ይላጣል፣ ዘይት ስጪኝ» ከሚለኝ ሰው ግማሹ የዚሁ ባለቤት ነው። ፎረፎር ድርቀት አይደለም። ሁላችንም ራስ ላይ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል። ምግቡ ቅባት ነው። ከቆዳችን የሚወጣውን ቅባት ሰባብሮ የሚፈልገውን ይወስዳል፣ የማይፈልገውን ይተወዋል። ከሚተወው አንዱ ኦሌይክ አሲድ የሚባለው ነው፤ ይህ አሲድ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያስቆጣል፣ ቆዳውም ቶሎ ቶሎ መላጥ ይጀምራል። እንግዲህ የሚላጥ ጭንቅላት ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ሲፈስበት ቅርፊቱ ይርሳል፣ ይተኛል፣ ለሁለት ቀን የዳነ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ከነማሳከኩ ይመለሳል። ያን ጊዜ «ዘይቱ አነሰ» ብለን እንጨምራለን። እኔም ከጥቅምት ጀምሮ በእማዬ ቅቤ ይህንኑ ሳደርግ ነው የከረምኩት።

መለያው እንዲህ ነው። የደረቀ ቆዳ ላይ ቅርፊቱ ደቃቅና ነጭ ነው፣ ዱቄት ይመስላል፣ እጅና እግርም አብሮ ይደርቃል። የፎረፎሩ ቅርፊት ወፈር ያለ፣ ቅባት የነካውና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ ቅንድብ መሐል፣ አፍንጫ ዳርና ከጆሮ ጀርባም ይታያል። ሁለተኛው ከሆነ ጠርሙሱን ከድናችሁ አስቀምጡት።

ሐኪሟ ለጥቂት ቀናት ብቻ የምቀባው ቀለል ያለ የስቴሮይድ ሎሽን ሰጠችኝና ቁጣው ሲበርድ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ የተባለውን ፈንገስ የሚያጠፋ ሻምፖ ጀመርኩ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት። ብዙ ሰው ይህን ሻምፖ «ሞክሬው አልሠራም» የሚለው ቀብቶ ወዲያው ስለሚያጥበው ነው። ቆዳ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ሌላው፣ ሻምፖው ለቆዳው ነው እንጂ ለፀጉሩ አይደለም፤ የእኛ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ከተጎተተ ያደርቀዋል። ጫፉን ኮንዲሽነር ቀብቼ፣ ሻምፖውን በጣቴ ጫፍ በየመስመሩ ነው የማስገባው። ጉሎውን ያስለቀቅሁትም በዚያው ኮንዲሽነር ነው፦ ፀጉሩን ሳላርስ መጀመሪያ ኮንዲሽነር፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ሻምፖ። በሙቅ ውሃ ማሸቱ የተቆጣን ቆዳ ይበልጥ ያስቆጣል።

ቆዳዬ ከዳነ በኋላ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ስለ ጥብስ ቅጠሉ ነው። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ጥናት ኢራን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ነው። 100 ወንዶች ነበሩ፣ ሁሉም በዘር የሚመጣው የወንዶች ራሰ በራነት የጀመራቸው። ግማሾቹ የጥብስ ቅጠል ሎሽን፣ ግማሾቹ ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት፣ 2 በመቶውን፣ ለስድስት ወር ተቀቡ። በሦስተኛው ወር በሁለቱም ወገን ልብ የሚባል ለውጥ አልነበረም። በስድስተኛው ወር ሁለቱም ላይ የፀጉር ቁጥር ጥቂት ጨመረ፣ እኩል በሚባል ደረጃ። ማሳከክም በሁለቱም ላይ ጨመረ፣ ሚኖክሲዲሉ ላይ ግን በረታ።

ከዚህ ተነስቶ «ጥብስ ቅጠል ከሚኖክሲዲል እኩል ነው» የሚለው ቪዲዮ የሚዘላቸው ነገሮች አሉ። የተወዳደረው ከደካማው ሚኖክሲዲል ጋር ነው፤ 5 በመቶም አለ። ምንም መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ የተቀባ ሦስተኛ ወገን አልነበረም፤ ስለዚህ ከጭማሪው ስንቱ የመድኃኒቱ፣ ስንቱ የመታሸቱና የአጋጣሚው እንደሆነ አይለይም። ሴት አልነበረችበትም፣ አራስ አልነበረችበትም፣ ሹሩባ የጎተተው ግንባርም አልነበረበትም። ከሁሉ በላይ የተቀቡት ተመጥኖ የቀጠነ ሎሽን ነው፣ ከጠርሙስ የተገለበጠ ያልቀጠነ ዘይት አይደለም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ፤ እሱም ፀጉር በክብ በክብ የሚወድቅበት በሽታ ላይ ነው፣ ጥብስ ቅጠሉም ከሌሎች ሦስት ዘይቶች ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር የትኛው እንደሠራ መናገር አይቻልም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በዘር ለሚሳሳ ፀጉር ስድስት ወር ሙሉ በትዕግሥት ለሚቀባ ሰው ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ለሠርግ አይደርስም።

ስለ ጉሎ የምለው አጭር ነው። ፀጉር እንደሚያበቅል የሚያሳይ ደህና ጥናት የለም። ወፍራም ነው፣ ፀጉርን ይሸፍናል፣ ያብለጨልጫል፣ የተሸፈነ ፀጉር ደግሞ የወፈረ ይመስላል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ የሚያሟሹበት ለዚሁ አይደል፣ ሸፍኖ የሚቀር ስለሆነ። ሲበዛ ግን ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከህንድ በታተመ አንድ ጽሑፍ ላይ ጉሎና ኮኮናት ቀላቅላ የተቀባች የ20 ዓመት ወጣት ፀጉር እንደ ወፍ ጎጆ ተጠላልፎ፣ መፍታት አልቻል ብሎ ተቆርጧል። ረጅም የተፈታ ፀጉር ላይ ጉሎን በብዛት አፍስሶ ማሸት ወደዚያ ይወስዳል። ሌላው፣ ጉሎ ቤት ውስጥ የምትወቅጡ ፍሬውን ከልጅ አርቁት። የፍሬው መርዝ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ የሚቀረው ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ያለው ፋጉሎ ውስጥ ነው፤ የታኘከ ፍሬ ልጅን ሊገድል ይችላል።

ኮኮናቱ ከሦስቱ ሁሉ ሥራው በደንብ የታወቀ ነው፣ ሥራው ግን ብዙዎች የሚፈልጉበት ቦታ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የላቦራቶሪ ሥራ የኮኮናትን፣ የሱፍንና ከነዳጅ የሚገኘውን ዘይት አወዳድሮ፣ ከመታጠብ በፊትም ሆነ በኋላ ሲቀባ ፀጉር የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው ኮኮናቱ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ውስጡ ያለው ላውሪክ አሲድ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ፀጉሩ ዘንግ ይገባል። ልብ በሉ፦ ፀጉሩ ዘንግ ነው ያልኩት። የሚጠቅመው ቀድሞ ለበቀለው ነው፣ እንዳይሰባበር። ቆዳው ላይ ማፍሰስ ሥሩን አያነቃውም፤ ግንባር ላይ ሲወርድ ደግሞ ብጉር ያወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ይህን በየቀኑ አያለሁ፤ በሙቀቱ ቀልጦ ከሻሽ ሥር እየወረደ ግንባራቸው ዳር ደቃቅ ብጉር የደረደረባቸው ልጆች የፊት ክሬም ሊገዙ ይመጣሉ።

መድኃኒት ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስተው የጥብስ ቅጠሉ ስም ነው። ሁለት ነገር በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ ትልቅ ጠርሙስ ነው፣ በሌላ ዘይት ቀድሞ የቀጠነ፣ እንዳለ የሚቀባ። ሌላው ትንሿ ጠቆር ያለች ባለጠብታ ጠርሙስ ናት፤ ብዙ ቅጠል በእንፋሎት ተጣርቶ የወጣ ያልቀጠነ ዘይት ነው፣ ካምፎርና ሲኒዮል የሚባሉ የሚፋጁ ነገሮች ያሉበት። ይቺኛዋ ያለ ማቅጠኛ ቆዳ አትነካም። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ጨርሶ አትሆንም፤ ካምፎር ልጅ ከዋጠው ያንቀጠቅጣል፣ ሽታው ራሱ ከሕፃን ፊት መራቅ አለበት። ይህን የማውቅ እኔ ያን ዓርብ ሌሊት ልጄን አጠገቤ አስተኝቻለሁ። ከሠራሁት ሁሉ አሁንም የሚቆጨኝ እሱ ነው። ጠርሙሷ ተከፍታ ከከረመች፣ በተለይ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ፣ ከአየር ጋር ተዋህዳ አለርጂ የማስነሳት ኃይሏ ይጨምራል። የእኔዋ መቼ እንደተከፈተች አላስታውስም።

አለርጂ ይሁን ቃጠሎ ለማወቅ ሠርጉ ካለፈ በኋላ የካቲት ላይ ሞከርኩ። ለ30 ሚሊ ሊትር ዘይት ስድስት ጠብታ፣ ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። ጠብታ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ እኔ በ1 ሚሊ ሊትር መርፌ 0.3 ለካሁ። አዲስ ጠርሙስ ነው የከፈትኩት። ለማቅጠኛ ኮኮናት ተጠቀምኩ፤ ጉሎ ሲታጠብ የሚያስፈልገው መፈተግ ለተቆጣ ቆዳ አይሆንም ብዬ። ከዚያ ጭንቅላቴን ሳልነካ ክንዴ ውስጠኛው ጎን ላይ፣ ሳንቲም የምታህል ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ቀባሁ። አንድ ቀን ብቻ ሞክሮ «ምንም አላደረገኝም» ማለት አይበቃም፤ አለርጂ ቀናት ቆይቶ ነው የሚናገረው። አራተኛው ቀን ላይ ቦታዋ ቀላች፣ በአምስተኛው ማሳከክ ጀመረች። አቆምኩ። ኮኮናቱን ብቻውን በሌላው ክንዴ ላይ ሳምንት ሙሉ ቀባሁት፣ ምንም አልነበረም። እንግዲህ ለእኔ ጥብስ ቅጠሉ በየትኛውም መጠን አይሆንም። ጥብስ ላይ ግን እበላዋለሁ፣ እስካሁን ሰላም ነን።

ክንዳችሁ ሰባቱን ቀን በሰላም ካለፈ፣ ፎረፎርም ቁስልም ከሌለ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቆዳ ላይ አድርጎ መታጠብ ይበቃል። ሌሊቱን ማሳደር፣ በፌስታል ማፈን፣ ሹሩባ ከተሠሩ በኋላ በየቀኑ መደራረብ የቆዳውን ዕድል ያበላሻል። ትኩስ ቅጠል ከሰኞ ገበያ ገዝተው ቤት ውስጥ ዘይት ውስጥ የሚዘፈዝፉም አሉ፤ እርጥብ ቅጠል ከሆነ ይሻግታል፣ ስለዚህ በደንብ የደረቀ ይሁን። አፍልተው ውሃውን የሚነፉ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አድርገው በሦስት አራት ቀን ይድፉት። እነዚህ ሁለቱ ከጠርሙሷ ይልቅ የዋህ ናቸው፤ ጥናቱ ላይ የነበሩት ግን እነሱ አይደሉም።

የሹሩባውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእኔ ግንባር ዳር የሳሳው በወሊዱ ብቻ አልነበረም። ሐኪሟ ፀጉሬን ስታስፈታ ከሥሩ ትናንሽ ጉብታዎች ነበሩ፣ ተጎትቶ ተጎትቶ የቆሰለ። ፀጉር ሠሪዋ «ጠበቅ ላርገው? ቶሎ እንዳይፈታ» ስትለኝ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ሥሩ ተጎትቶ የሚረግፍ ፀጉርን ዘይት አይመልሰውም፤ መጎተቱ ሲቆም ነው የሚመለሰው፣ እሱም በጊዜ ከተደረሰ። ዓመታት ከቆየና ቆዳው ወዝቶ፣ ለስልሶ፣ የፀጉር ቀዳዳው ጠፍቶ ከታየ ጠባሳ ሆኗል፣ ያን ጊዜ ምንም ዘይት አያበቅለውም። ከተሠራ በኋላ ራስ የሚያሳምም፣ ቅንድብን ወደ ላይ የሚስብ ሹሩባ ጠብቋል፤ ያንኑ ቀን ይፈታ። ልጅ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የተሰባበረ ፀጉርና ቅርፊት ካለ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ እሱ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ዘይት ቀብቶ መጠበቅ ለወንድሙም ለእህቱም ያጋባል።

አሁን የማደርገው ትንሽ ነው። ከመታጠቤ አንድ ሰዓት በፊት ኮኮናት ከጆሮ በታች ባለው ፀጉሬ ላይ፣ ከቆዳው አርቄ። ሻምፖው በየሁለት ሳምንቱ አንዴ፣ ፎረፎሩ እንዳይመለስ። ሹሩባው ላላ ያለ።

ሰኔ ላይ፣ ልጄ አሥራ አንድ ወር ሲሞላው፣ ግንባሬ ዳር ጣት የምታህል አዲስ ፀጉር ቆመች። እትዬ ጉሎውን ያመጡልኝ ናቸውና ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ አዩዋት። «እሰይ! ምን ተቀብተሽ ነው?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አይ ልጄ፣» አሉ ወደ እማዬ ዞረው፣ «የመድኃኒት ቤት ሰው ምስጢር አያወጣም።»